«አያመኝም» የሚሉ እናት እና ውስጥ እግራቸው ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ

«ሰላም ሲስተር እንዴት ነሽ። እኔ ያለሁት ዱባይ ነው፣ እናቴ ኮምቦልቻ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ናት። 59 አመቷ ነው፣ ስኳር ከያዛት 13 አመት ሆኗታል ኪኒን ነው ምትወስደው። ትናንት ወንድሜ በቴሌግራም የእግሯን ፎቶ ላከልኝ፣ ውስጥ እግሯ ላይ ከአውራ ጣቷ ስር የደደረ ቆዳ አለ መሀሉ ጥቁር ነው፣ ካልሲዋ ላይም ቢጫ እርጥበት ነገር አይተዋል። እሷ ግን ምንም አያመኝም በጨው ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ ትላለች። የክትትል ቀጠሮዋ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው። እንጠብቅ ወይስ ትሂድ? ጫማውን የላኩላት እኔ ነኝ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እህቴ፣ ቀጠሮውን አትጠብቁ። እናታችን ነገ ጠዋት ይታዩ፣ ነገ እሁድ ቢሆንም ይታዩ። ዛሬ ማታ ደሞ ወንድምሽ አስር ደቂቃ ወስዶ እግራቸውን በደንብ ይይልኝ፣ ከታች ከምነግርሽ አስቸኳይ ምልክቶች አንዷ እንኳን ከተገኘች ነገ ጠዋት ሚባል ነገር የለም፣ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው ሚኬደው።

መጀመሪያ ግን ያቺ ጥቁር ነጥብ ምን እንደሆነች ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ቆሻሻ ወይም የደረቀ ደም መስሎት ነው ሚያልፋት። ውስጥ እግር ላይ አንድ ቦታ ሁሌ ከተጫነ ቆዳው ራሱን ሊከላከል ይደድራል። ችግሩ የደደረው ቆዳ ራሱ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይሆንና በተራመዱ ቁጥር ከስሩ ያለውን ለስላሳ ስጋ ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀው ስጋ ይደማል፣ ደሙ መውጫ ስለሌለው እዛው ይጠቁራል፣ አንቺ በፎቶ ያየሽው አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው። ቆዳው ገና ካልተከፈተ ቁስለት ሊሆን ጫፍ የደረሰ ነው እንላለን። የናንተ ግን ካልሲው ረጥቧል። እርጥበት ካለ ደሞ የሆነ ቦታ በር ተከፍቷል ማለት ነው፣ ስለዚ ደዳራው ተነስቶ ስሩ እስኪታይ ድረስ ቁስል ነው ብለሽ ያዢው። ከላይ ምስር የምታክል ነጥብ ሆና፣ ደዳራው ሲነሳ ስሯ ባቄላ የሚያህል ጉድጓድ የሆነችበትን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለዛ ነው ከላይ በፎቶ አይቶ ትንሽ ናት ምንም አትል ማለት የማይቻለው፣ እኔም አልልሽም።

አሁን «አያመኝም» ወደሚሉት እንምጣ፣ ምክንያቱም ሁላችሁንም ያዘናጋችሁ እሱ ነው። እናታችን አልዋሹም፣ እውነት አያማቸውም። ስኳር ለብዙ አመት ከፍ እያለ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፣ ጉዳቱ ሚጀምረው ከጣቶች ጫፍ ነው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። አንቺና እኔ ጫማችን ውስጥ ጠጠር ቢገባ ሁለት እርምጃ አንሄድም፣ አውልቀን እናራግፈዋለን። ነርቩ የደነዘዘ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ጠጠሩ ላይ ቆሞ ይውላል። ስለዚ ጤነኛ ሰው ላይ ሊያም የሚገባው ቁስል እሳቸውን ካላመማቸው ነገሩ ቀሏል ማለት ሳይሆን እግሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ተኝቷል ማለት ነው፣ እኛ ጋ ይሄ ራሱ እንደ አንድ መጥፎ ምልክት ነው ሚመዘገበው።

ይሄን ለእናት በቃል ብታስረጂያቸው ላያምኑ ይችላሉ፣ ስለዚ ወንድምሽ ያሳያቸው። አልጋ ላይ ጋደም ይበሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍኑ፣ «እማዬ ጣትሽን ስነካሽ ቀኝ ወይ ግራ በይ» ይበላቸው። በሌባ ጣቱ ጫፍ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሳይጫን ሳያሽ፣ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ያህል ነካ አድርጎ ይልቀቅ። የሚነካው የአውራ ጣትን፣ የመሀል ጣትንና የትንሿን ጣት ጫፍ ነው፣ በሁለቱም እግር፣ ባጠቃላይ ስድስት ቦታ። አልሰማሁም ካሉ ደግሞ አይንካ፣ አልተሰማም ብሎ ይቁጠረው። ከስድስቱ ሁለትና ከዛ በላይ ካልተሰማቸው ነርቩ እንደተጎዳ ይቆጠራል። ልጃቸው ስንቴ እንደነካቸው ሲነግራቸው ብዙ እናቶች ዝም ይላሉ፣ ከዛ በኋላ ሐኪም ቤት ለመሄድ ያን ያህል አያስቸግሩም።

ወደ ዛሬ ማታው ምርመራ። ሁለቱንም እግር ባዶ አድርጎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው፣ የስልኩን መብራት ያብራ፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያልኩት ጤነኛው እግር መለኪያው ስለሆነ ነው። የኛ ቆዳ ላይ ኢንፌክሽን ሲኖር እንደ መጽሐፍ ስዕል ቀይ ሆኖ አይታይም፣ ከሌላኛው እግር ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ተወጥሮ የሚያብለጨልጭ ነው ሚሆነው። ቀለሙ ካላስታወቀው ደሞ የእጁን ጀርባ አንዴ እዚህ አንዴ እዛ ያሳርፍ፣ ሙቀት ቀለምን ያህል አያታልልም። ቁስሉ ዙሪያ ማበጥ፣ መሞቅ፣ ቀለም መቀየር፣ ሲነካ ማመም፣ መግል፣ ከነዚህ ሁለቱ ካሉ ኢንፌክሽን አለ ብለን ነው ምንነሳው። ከዛ እስክሪብቶ ያንሳና ያበጠው ወይ ቀለሙ የተቀየረው ቦታ እስከየት እንደሆነ ዙሪያውን ያስምርበት፣ ሰዓቱንም ይጻፍ። ጠዋት ሲያየው ከመስመሩ አልፎ ከሆነ እየሮጠ ነው ማለት ነው።

ዛሬ ማታውኑ መኪና ፈልጉ የምላችሁ እነዚህ ከታዩ ነው፦ የተቀየረው ቀለም ከቁስሉ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ማለትም የአንድ አዋቂ ሰው አውራ ጣት ወርድ ያህል፣ ወይም ወደ ላይ መስመር ሰርቶ ከወጣ። የእግሩ ጀርባ ካበጠ፣ ምክንያቱም ቁስሉ ከስር ሆኖ እብጠቱ ከላይ ከመጣ መግሉ በመሀል እየሄደ ነው። መጥፎ ሽታ ካለ። ጣት ከጠቆረ ወይም ከሰማየደ፣ እግሩ ከሌላው ይልቅ ቀዝቅዞ ከገረጣ፣ ይሄ ደም እየደረሰው አለመሆኑን ነው ሚያሳየው። ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ሙቀታቸው ከ38 ካለፈ፣ ቁጭ ብለው የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ90 በላይ ከሆነ፣ ካስመለሳቸው፣ ንግግራቸው ግራ ከተጋባ ወይም ስኳራቸው ያለ ምክንያት ከወትሮው በጣም ከፍ ካለ። አንዷ ትበቃለች፣ ሌላዋ እስክትመጣ አይጠበቅም። ግን በደንብ ስሚኝ፣ ትኩሳት የለም ማለት ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም፣ የስኳር ታማሚ እግሩ ውስጥ መግል ቋጥሮ ሙቀቱ 36.8 ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ምንም ካልታየ ተመስገን ብላችሁ ተኙ፣ ነገ ጠዋት ግን መሄዱ አይቀርም።

(በነገራችን ላይ ይሄን ለምታነቡ ሌሎቻችሁም፣ ምንም ቁስል ሳይኖር አንዱ እግር ብቻ ድንገት አብጦ ከሞቀ እሱም የዛኑ ቀን ሚታይ ነገር ነው፣ አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ እየተሰባበረ ሊሆን ይችላል፣ ሲታይ ወለምታ ነው ሚመስለው፣ እንዳታሹት እንዳትረግጡት።)

ለምን እንዲ እንደማካብድ በአንድ ሰው ልንገርሽ። ድሬሲንግ ክፍል እሰራ በነበረ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር መጡ፣ ስኳር 10 አመት ያህል ሆኗቸዋል። የመጡት ለእግራቸው አልነበረም፣ ወባ ይዞኛል ብለው ነው፣ ተኝተው ስኳራቸው ሲለካ 340 ሆነ፣ ሁሌ 160 እና 170 አካባቢ ነው ይሉ ነበር። ይሄ ስኳር ከየት መጣ ብለን ካልሲያቸውን ሳወልቅ ሽታው ቀደመኝ። ከትንሿ ጣታቸው ስር አንዲት የደረቀች ቁስል፣ ላይዋ ነጭ ቅርፊት ነገር። «ይቺ? ይቺማ ሁለት ሳምንቷ ነው፣ አታመኝም፣ ደርቃለች» አሉኝ። ነጩ ነገር ለካ የአምፒሲሊን ዱቄት ነው፣ ካፕሱሉን ፈልቅቀው እየነሰነሱባት ነበር። የእግራቸውን ጀርባ በጎዝ ጫን ሳደርገው ከዛች «ደረቅ» ቁስል ስር መግሉ ወጣ።

ታሪካቸውን ወደ ኋላ ስንጠይቃቸው ሁሉም ነገር በቀን በቀን ነበረ። መጀመሪያ ጫማቸው ውስጥ የወጣች የሚስማር ጫፍ፣ እሳቸው አልሰሟትም፣ ያዩት ካልሲያቸው ላይ የደም ነጥብ ነው። ያኔ ቢመጡ ታጥቦ፣ ተሸፍኖ፣ የቴታነስ ክትባት ተሰጥቶ፣ እግር አሳርፎ የሚያበቃ ነገር ነበር። በሳምንቱ ጫማው ጠበባቸው፣ ክሩን አላልተው አሰሩ፣ ያ እብጠት ነበር፣ ያን ቀን ቢመጡም ጣታቸው የሚተርፍ ይመስለኛል። ከዛ ብርድ ብርድ ሲላቸው የወባ መድኃኒት ገዝተው ዋጡ። ማታውኑ ሰርጂኑ ከፈተው፣ ትንሿ ጣት ሄደች፣ እግራቸው ተረፈ። ዱቄቱ ያደረገው ቁስሉን ማዳን ሳይሆን ክዳን መሆን ነው፣ ከላይ ደርቆ ከስር መግሉ መውጫ አጣ። እስካሁን ማስታውሰው ያላሉትን የጫማ ክር ነው፣ እግራቸው ሲነግራቸው ነበር፣ እሳቸው ጫማው ጠበበ አሉ።

ስለዚ እስከ ነገ ጠዋት እቤት ሚደረገው ትንሽ ነው። በንጹህ ውሃ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ቢሆን ይሻላል፣ ቁስሉ ላይ ፍስስ አድርጎ አጥቦ፣ ጣቶች መሀል ሳይቀር አድርቆ፣ በንጹህ ጎዝ ሸፍኖ ሳያጠብቅ ማሰር፣ አለቀ። መዘፍዘፉን በፍጹም፣ የጨው ውሃም ይሁን ሌላ። ቆዳውን ያላላውና ለጀርም በር ይከፍታል፣ ከሁሉ በላይ ግን እሳቸው የውሃውን ሙቀት በእግራቸው መለየት አይችሉም፣ ለብ ያለ ነው ብለው የተቃጠሉ እግሮች ስንት አክሜአለሁ፣ ፍልውሃ ገብተው ውሃ የቋጠረ እግር ይዘው የመጡም አሉ። ቡና መነስነስ፣ ቅባት፣ አልኮል፣ የካፕሱል ዱቄት፣ ምንም አይደረግ። ደዳራውን በምላጭ ለማንሳት የሚሞክር ጎረቤት ከመጣ ወንድምሽ በትህትና ይከልክል። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቶ መጀመርም አይሁን፣ ኢንፌክሽን የሌለው ቁስል አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፣ ኢንፌክሽን ካለው ደሞ በግምት የተገዛው ምልክቱን ሸፍኖ ቀን ያስበላል።

ዋናው መድኃኒት ግን አለመርገጥ ነው፣ ይሄን አስምሪበት። ቁስሉን የፈጠረው ጫና ነው፣ ጫናው ካልተነሳ በአለም ላይ ያለ ቅባት ቢቀባ አይድንም። እናቶች ደሞ «ቡና ላፍላ ብዬ ነው፣ እዚችው ጓዳ» ብለው ይነሳሉ፣ ስለማያማቸው አያነክሱም፣ በሙሉ ክብደታቸው ነው ቁስሉ ላይ ሚቆሙት። ስለዚ ነገ እስከ በር ባጃጅ ይምጣ፣ ወንድምሽ ይደግፋቸው፣ ያን ጫማ አያድርጉ፣ ባዶ እግራቸውንም አይሂዱ፣ ሰፋ ያለ ለስላሳ ሰንደል ይበቃል። ቤተክርስቲያንም መስጊድም ጫማ ስለሚወለቅ እስኪድን ድረስ እቤታቸው ይጸልዩ።

ነገ ሲሄዱ ሁለቱንም ጫማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ የክትትል ካርዳቸውን ይያዙ። ጤና ጣቢያ ከሆነ የሄዱት አንድ ነገር እንዳይሆን እፈራለሁ፣ ከላይ አይተው ኪኒን ሰጥተው መላክ። ወንድምሽ ጨዋ ሆኖ ይጠይቅ፣ «የስኳር ታማሚ ናት፣ ስሜት የላትም፣ ደዳራው ተነስቶ ስሩ ይታይልን» ይበል። የሰለጠነ ባለሙያ ደዳራውን በንጹህ ምላጭ ይጠርገዋል፣ ከዛ በጫፈ ድቡልቡል ብረት ጥልቀቱን ይፈትሻል፣ ብረቱ ጠንካራ አጥንት ከነካ የአጥንት ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። የደም ስር ትርታ ሁለት ቦታ ይዳስሳል፣ የእግር ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ። ራጅ ይነሳል፣ ግን ራጁ ደህና ነው ቢሏችሁ ሙሉ በሙሉ አትረፉ፣ አጥንት ላይ የጀመረ ኢንፌክሽን መጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ላይታይ ስለሚችል ጥርጣሬ ካለ ራጁ ይደገማል። ይሄ ሁሉ እዛ ካልተቻለ ሪፈር ይጻፍላቸው፣ ደሴ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፣ የዛኑ ቀን ይሂዱ። ኩላሊታቸው ላይ ችግር አለ ተብለው የሚያውቁ ከሆነ ወይም ከዚ በፊት እግራቸው ቆስሎ ከነበረ ያንን ሳይጠየቁ ይናገሩ፣ ጉዳዩን ያፈጥነዋል።

ከዛ በኋላ ያለው ትዕግስት ነው፣ ድሬሲንጉ እንደታዘዘው ይቀየር፣ በተቀየረ ቁጥር ወንድምሽ ማስመሪያ ከጎኑ አድርጎ በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሳልሽ። ኢንፌክሽኑ ጠፍቶ፣ እግሩ አርፎ፣ በአራት ሳምንት ውስጥ የቁስሉ ስፋት በግማሽ ያህል ካልቀነሰ የሆነ የተሳተ ነገር አለ፣ ወይ ደም እየደረሰ አይደለም፣ ወይ አጥንት ተነክቷል፣ ወይ እናታችን ተደብቀው እየረገጡት ነው፣ ያኔ እንደገና ይታይ በሉ። የዳነም ቁስል አመት ሳይሞላው ሊመለስ ይችላል፣ ከአስር ሰው አራት ያህሉ ላይ ይመለሳል፣ ስለዚ እግር ማየቱ ሲድን አያቆምም፣ በየማታው ነው።

ስለ ጫማው። አንቺ በፍቅር ነው የላክሽው፣ ጫማው ብቻውን አይደለም ይሄን ያመጣው፣ የደነዘዘው ነርቭ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ስሜት የሌለው እግር ጫማ ሲጠበው አይናገርም፣ «ልክ ነው ልጄ» ነው ሚሉሽ። ቀጣዩን ስትገዢ ወንድምሽ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ ሁለቱንም እግራቸውን ወረቀት ላይ አቁሞ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ይሳልና ፎቶውን ከነሴንቲ ሜትሩ ይላክልሽ። ጫማው ከረጅሙ ጣታቸው አንድ ጣት ወርድ ያህል ይለፍ፣ ጣቶቹ ጋ ሰፊና ጥልቅ ይሁን፣ ውስጡ ስፌት አይኑረው። የአሁኑን ጫማ ደሞ ዛሬ ማታ እጁን ውስጡ ከቶ ይዳስሰው፣ ሶሉን አንስቶም ስሩን ይይ።

ኮምቦልቻ ካንቺ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ አልተኙም። ደውይለትና መጀመሪያ የስልኩን መብራት ያብራ፣ እስክሪብቶም ይፈልግ፣ አንቺም በቪዲዮ አብረሽው እይ።